የእሁድ ስምንት ሰዓት ትኩሳት

ድሬሰር ገብረዋሕድ መርፌው አያምም፣ ምላሱ ግን አያርፍም ይባልለት ነበር። ሁመራ በረሃ ለስምንት ዓመት ከወባ በሽተኞች ጣት ደም ሲወስድ ኖሮ ቦሌ ሚካኤል አጠገብ ወዳለች ክሊኒክ ተዛወረ። በሽተኛው ገና ሳይቀመጥ የሕመሙን ስም መጥራት ይወዳል። ይህች ጉራው ሰው አስበላች።

በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ጥር ውስጥ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዱት። ሞሲሳ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ይንቀጠቀጣል። ወፌ ላላ ተሰቅሎ የተገረፈው የውስጥ እግሩ ቆስሎ አብጧል።

«አስመሳይ ነው» አለ የጥበቃው ኃላፊ ኣምደሚካኤል። «ሰኞ ተንቀጠቀጠ፣ ማክሰኞ ደህና ሆኖ በላ። ረቡዕ ተንቀጠቀጠ፣ ትናንት ደህና ነበር። ዛሬ ይኸው።»

«ሰዓቱስ?»

«ሁልጊዜ በስምንት ሰዓት ግድም።»

ገብረዋሕድ የልጁን ግራ ጎን ዳሰሰ። ጣፊያው አብጧል። ደስ አለው፤ ምን ይደረግ፣ ደስ አለው።

«ማስመሰል አይደለም፣ ወባ ነው! መጀመሪያ ብርድ፣ ቀጥሎ ትኩሳት፣ ከዚያ ላብ፣ በማግስቱ ደህና። ተውሳኩ ደም ውስጥ ተራብቶ በየሁለት ቀኑ የደም ሕዋሶቹን እያፈነዳ ይወጣል። ሁለት ቀን ዘሎ የሚነሳም ዓይነት አለ፣ ይሄ ግን አንድ ቀን ዘላዩ ነው። እሁድ በስምንት ሰዓት ይመለሳል፣ ያዩታል!»

«ቦሌ ላይ ወባ አለ እንዴ?»

«በዚህ ብርድ? ከቆላ ይዞት መጥቶ ነው እንጂ።»

ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ነው የሞሲሳን ዓይን ያየው። ልጁ ከቦሌ ሚካኤል ንቅንቅ አላልኩም ብሎ ቃሉን ሰጥቶ ፈርሟል። በዚያ ሰሞን ደግሞ ከሁመራ ቆላ የተመለሰ ሰው ሁሉ ሽፍታ ነው። ኣምደሚካኤል ፈገግ አለና የልጁን ጎድን በቡትስ ጫማው መታው። አጥንት ሲሰበር ተሰማ።

«በደም ካልታየ እርግጠኛ መሆን አይቻልም!» ጮኸ ገብረዋሕድ። ከሞሲሳ ጣት ደም ወስዶ መስታወት ላይ ቀባ። በዚያው አራት የክሎሮኪን ኪኒን አዋጠው። ቅዳሜም አራት ሰጠው።

የቅዳሜው የላቦራቶሪ ውጤት ወባ መሆኑን አረጋገጠ። ዓይነቱ ግን ጉበት ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ተኝቶ ቆይቶ የሚያገረሽ ነው። ገብረዋሕድ ወረቀቷን አቀፋት። የልጁ ነፍስ በእሷ ላይ ተንጠልጥላለች።

እሁድ ከስምንት ሰዓት በፊት ደረሰ። ኣምደሚካኤል ወንበር አስወጥቶ፣ ሰዓቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ የሞሲሳን መንቀጥቀጥ እየጠበቀ ነበር።

«ጓድ፣ ይመልከቱልኝ። ይሄ ወባ ድሮ የተያዘ ሰው ላይም ያገረሻል። መቼ ቆላ እንደወረደ ትኩሳቱ አይናገርም። ባለፈው ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም በፊት።»

«መቼ እንደሄደ እኔ ምን ገዶኝ? አልሄድኩም ብሎ ዋሽቷል።»

መድኃኒቱ ገና ትኩሳቱን ጨርሶ አላጠፋውም። ስምንት ሰዓት ካለፈ ጥቂት ደቂቃ በኋላ የሞሲሳ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከዓርቡ የቀለለ ነው፣ ግን መንቀጥቀጥ ነው። ኣምደሚካኤል ሰዓቱን ለጠባቂዎቹ አሳየ። «ድሬሰሩ ነቢይ ነው» አለ፤ ሳቁ። ልጁን በእጁ ጎትተው ሲያወጡት ገብረዋሕድ በሩ ላይ ተጋረጠ። በጠመንጃ ሰደፍ አፉን መቱት። ሁለት ጥርሶቹን ከሲሚንቶው ላይ ለቀመ።

ሰኞ ጠዋት እሁድ ሳይሰጠው የቀሩትን ሁለት ኪኒኖች ኪሱ ከትቶ ሄደ። የሞሲሳ እናት እማማ ደሪቱ የምሳ ዕቃ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ጠባቂው «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ እንዳያመጡ» ብሎ መለሳቸው። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያላወቀች እናት አልነበረችም። እማማ ደሪቱ አላለቀሱም። የገብረዋሕድን ያበጠ አፍ አዩና ክንዱን ያዙት።

«ዶክተር፣ ባለፈው ዓመት ሰሊጥ ሊያጭድ ነው የወረደው፤ ለቀን ሥራ። እንዳትናገር ብዬ ያስማልኩት እኔ ነኝ።»

ገብረዋሕድ የምሳ ዕቃውን ተቀብሏቸው እስከ ቤታቸው ሸኛቸው። 

ከዚያ በኋላ ሃያ ሁለት ዓመት ሠራ። አንድ ቀን እየዘለለ ትኩሳት የሚነሳበት በሽተኛ ሲመጣ «ቆላ ወርደህ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የግድ ነው፤ ሳይጠይቅ ማከም አይችልም። ስለዚህ ይጠይቅ ነበር። መጀመሪያ ግን ይነሳል፣ አስታማሚውን ያስወጣል፣ በመስኮቱ ውጭውን ይቃኛል፣ በሩንም ይዘጋል።