የእርጥብ ኮረሪማ ማስታወቂያ

ዳርጌ ከጂንካ በላይ በደጋው ባለችው ገዘር አካባቢ ጽሕፈቱ የሚወደድለት ሰው ነበር። በልጅነቱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ደርሶ አባቱ ሲሞት ወደ እንሰቱና ወደ ኮረሪማው ተመለሰ። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ጎረቤቶቹን ፊደል ያስቆጠረ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የልጁን ደብዳቤ ከጦር ግንባር የተቀበለም፣ ክስ የሚመሠርትም፣ ሠርግ የሚጠራም እሱ ዘንድ ይመጣል። የገበሬዎች አገልግሎት ማኅበሩ ሲቋቋም ጸሐፊ ማን ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀ በኋላ፣ በሰማንያ ሦስት ዓመተ ምሕረት መግቢያ ላይ፣ ማኅበሩ ምርቱን ለፈለገው ነጋዴ መሸጥ ይችላል ተባለ። ገበሬው ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ሻንቆ፣ «ከተማ ያሉ ነጋዴዎች እኛን ከየት ያውቁናል? ማስታወቂያ ይለጠፍ» አለ። ሁሉም ወደ ዳርጌ ዞረ።

ያን ሳምንት ኮረሪማ እየተለቀመ ነበር። ቀይ ፍሬው በጆንያ እየተሞላ ወደ መጋዘኑ ገባና ተመዘነ፤ አሥር ኩንታል ሆነ። ዳርጌ እስክሪብቶውን እንደያዘ የሞሉትን ጆንያዎች አየ። ኮረሪማ ሲደርቅ ምን ያህል እንደሚቀር ከእናቱ ጀርባ ሳይወርድ ጀምሮ ያውቀዋል።

«እርጥቡን ነው የመዘንነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሁለት ኩንታል ብለህ ብትጽፍ ማን ይህን ጭቃ ረግጦ ይመጣል?» አለ ሻንቆ። «ይምጡ ብቻ። ሲመጡ እንነጋገራለን።»

ሰው ሳቀ። ዳርጌም ሳቀና ጻፈ፦

«ለከተማ ገዢዎች። ማኅበራችን ለሽያጭ ያቀረበው፦ ኮረሪማ ፲ ኩንታል፣ ነጭ ሽንኩርት ፮ ኩንታል፣ ማር ፲፭ ጀሪካን። ፈላጊ አስቀድሞ የሚወስደውን ልክ በደብዳቤ ያስታውቅ። ጂንካ ሲደርስ በወይዘሮ ኸዲጃ ሱቅ በኩል ይጠይቅ፤ መንገድ የሚያሳይና የጭነት ፈረስ የሚያቀርብ ሰው ይሰጠዋል። ገዘር በገበያ ቀን ጸሐፊው ዳርጌን ይጠይቅ። ዕቃው በፊቱ ይመዘናል፣ ገንዘቡ በደረሰኝ ይከፈላል፣ ለኬላ የሚሆን ማስረጃ ወረቀት ይሰጠዋል።»

በወፍራም ቀለም ሁለት ቅጂ አወጣ። አንዱን ጂንካ አውቶቡስ ተራ ለጠፉት፤ አንዱን ሹፌር ይዞት በወይጦ አድርጎ አርባ ምንጭ አደረሰው። «እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው!» ሲሉት ደስ አለው።

ከሳምንታት በኋላ ከአርባ ምንጭ ደብዳቤ መጣ። ቅመም የምትነግድ የሺመቤት የምትባል ሴት ናት። ኮረሪማውን አሥሩንም ኩንታል ትፈልጋለች፤ አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞቿ ቃል ገብታለች፤ ለሌላ እንዳይሸጥባት ትለምናለች። በዚያን ጊዜ ፍሬው ሰሌን ላይ ደርቆ፣ ጠቁሮና ተጨማድዶ፣ የመጋዘኑን አንድ ጥግ እንኳ አልሞላም ነበር። ዳርጌ እውነቱን ሊጽፍላት ወረቀት አወጣ። «በማስታወቂያው ላይ የተገለጸው» ብሎ ጀመረና ቀጣዩ ቃል አልመጣለት አለ። ስሙን ከታች ሊፈርምበት ነው። ቀዶ ጣለውና ሌላ ጻፈ፦ «ዕቃው ይጠብቅዎታል።»

የመጣች ዕለት ዳርጌ ደጁ ላይ አጥር ያጥራል። ሁለት የጭነት ፈረሶችና ባዶ ጆንያ የተሸከመ ሰው ከታች ሲወጡ አየ። ከኋላቸው ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ አንዲት ሴት ጭቃውን ታቦካለች። ዳርጌ መዶሻውን አስቀመጠና በጓሮ በኩል እንሰቱ ውስጥ ገባ።

ሚስቱ አለምነሽ እንግዳዋን ስትቀበል ይሰማል። እግሯን ስታጥብላት፣ «ጸሐፊው አሁን እዚህ ነበር፤ መጣሁ ብሎ ይሆናል» ስትል ይሰማል። ሁለት ጊዜ ስሙን ጠራችው። የአርባ ዓመት ሰው፣ የልጆች አባት፣ በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ትንፋሹን ይውጣል። ጎረቤት አንድ ሽማግሌ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ አዩት። እንዳላየ ሰው ፊታቸውን መለሱ። ያን ጊዜ ነው ዳርጌ ከእንሰቱ የወጣው።

የሺመቤት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ጨበጠችው። ፊቷ በድካም ገርጥቷል፤ ግን ትስቃለች። «አንተ ነህ ዳርጌ? ጽሕፈትህን ሳይ ወጣት ነበር የመሰልከኝ! በል ወንድሜ፣ ዕቃዬን አሳየኝ። መኪናው ጂንካ ቆሞልኛል።»

ሻንቆ ተጠርቶ መጣና አብረው መጋዘን ገቡ። የሺመቤት ጥጉ ላይ የተቀመጡትን ጆንያዎች አየች፤ ዙሪያውንም አየች።

«ሌላው የት አለ?»

«ዝናቡ፣ እመቤቴ» አለ ሻንቆ ሳይዘገይ። «ዘንድሮ ዝናቡ ጨረሰን። ሻጋታ በላው። የቀረው ይኼው ነው።»

ዳርጌ ዓይኑን ከጆንያዎቹ አላነሣም። የሺመቤት ዞር ብላ አየችውና ትከሻውን ነካችው። «ምን ታደርግ ወንድሜ፤ የእግዜር ሥራ ነው። እናንተም ደክማችሁበት ነበር። እኔስ ለደንበኞቼ እነግራቸዋለሁ፤ ያንተ ፊት ነው ያሳዘነኝ።» እጇ ትከሻው ላይ ሲያርፍ ያቃጠለው መሰለው።

አለምነሽ ውሃ ይዛ በር ላይ ቆማ ኖሯል። አማርኛዋ ጥቂት ነው፤ ክፋትም የላትም። «የለም፣ እትዬ» አለች እንግዳዋን ለማጽናናት። «ሻጋታ የለም። ሁሉ ደህና ደርቋል። እኔ ነኝ ያሰጣሁት። ሲመዝኑት እርጥብ ነበር፤ ሲደርቅ እንዲህ ነው የሚሆን። ሁልጊዜም እንዲህ ነው።»

የሺመቤት እጇን ከትከሻው አነሣች።

«ያውቁ ነበር፣ አቶ ዳርጌ?»

አንተ ስትለው የነበረችው ሴት አንቱ አለችው። ከስድብ ይልቅ ይኼ ጎዳው።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ደብዳቤዬ ሲደርስዎስ?»

«ያኔም አውቅ ነበር።»

ይመዘን አለች። ሁለት ኩንታል ከትንሽ ሆነ። ከፈለች፣ ደረሰኟን ተቀበለች፣ የኬላውን ወረቀት ዳርጌ ሲጽፍላት ቆማ ጠበቀች። ቀለም ነጠበበት፤ ሌላ ወረቀት አንሥቶ እንደገና ጻፈ። አለምነሽ ያዘጋጀችውን ምግብ ቀምሳ አመሰገነቻት። ለነጭ ሽንኩርቱም ሆነ ለማሩ ዋጋ አልጠየቀችም።

ዳርጌ አንዱን ፈረስ እየሳበ ከእሷ ጋር ጂንካ ወረደ። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ የሚልበትን ቦታ ይፈልግ ነበር። ወንዙ ላይ እጁን ዘርግቶ ሊያሻግራት ሲል ድንጋዩን ይዛ ብቻዋን ተሻገረች። አውቶቡስ ተራ ሲደርሱ መኪናው ሊሞላ የተዘጋጀ ባዶ ወለሉን ዘርግቶ ቆሟል፤ ሁለቱ ኩንታል ጥግ ላይ ሲቀመጡ ሹፌሩ «ይኼ ብቻ?» ብሎ ጠየቀ። «ይኼ ብቻ» አለች የሺመቤት፤ ዳርጌን አላየችውም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ በመጨረሻ፣ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ። ትስማው አትስማው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደ። ማስታወቂያው ፊት ሁለት ሰዎች ቆመው ያነባሉ። መሃላቸው ገብቶ ወረቀቱን መላጥ ጀመረ።

«ተሸጠ እንዴ?» አለው አንዱ።

«አልተሸጠም። ውሸት ነው የጻፍኩት።»

ሰውየው የሚቀልድ መስሎት ሳቀ፤ የዳርጌን ፊት ሲያይ ሳቁን ተወው።

በቀጣዩ ስብሰባ ዳርጌ ጸሐፊነቱን አልፈልግም አለ። ሻንቆ በኃይል ተከራከረ፤ ሌሎቹ ግን ወደ መሬት እያዩ ፈቀዱለት። ገዢዎች በኋላም መጡ፤ ዕቃው ደርቆ እስኪመዘን ድረስ ማስታወቂያ እንዳይወጣ ማኅበሩ ወስኖ ነበርና ማንም ባዶ መኪና ይዞ አልተመለሰም። የሺመቤት ግን ወደ ገዘር ዳግመኛ አልወጣችም። ኸዲጃ እንዳለችው ኮረሪማዋን ከከፋ በኩል ማስመጣት ጀምራለች።

ሰው ደብዳቤ ሊያጽፈው ሲመጣ ዳርጌ አሁንም ይጽፋል። ጨርሶ ግን ሦስት ጊዜ ያነብለታል፤ «እውነት ነው? እንዲህ ነው ያልከኝ?» እያለ ያደክመዋል። አንዳንዱ ተሰላችቶ ወደ ሌላ ጸሐፊ ሄዷል።