የማጭድ ቀን በግራር በር

ለጠያቂ ዋሽቶ በገዛ መልሱ የተጎዳ ሰው ሌላውን ለመውቀስ መብት የለውም። ፍርዱ ጥብቅ ነው፤ የግራር በሯ እትዬ ጌጤ ኑሮ ግን ይፈትነዋል።

ግራር በር የቀወት ቆላ ከዳገቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለች መንደር ናት። ከበላይዋ ጥቁር ዱር የተባለው ተረተር አለ። መንግሥት ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ከመከለሉ በፊት ጥቁር ዱርን የሚጠብቀው መንደሩ ራሱ ነበር። ክረምት ሲገባ ይዘጋል፤ ከብት ያስገባ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ይቆማል፤ መጥረቢያ ይዞ የተገኘ ደግሞ ለዓመት ያህል ሰላምታ ይነፈጋል። ሣሩ ዘሩን ካራገፈ በኋላ፣ ኅዳር ሚካኤል ባለፈ ማግሥት፣ ለአንድ ቀን ይከፈታል። ያ ቀን የማጭድ ቀን ይባል ነበር።

ሥርዓቱ ቀላል ቢሆንም የሚጥሰው አልነበረም። መጀመሪያ ባል የሞተባቸው ሴቶች ይገባሉ። ወንዶቹ ማጭዳቸውን ትከሻቸው ላይ አንግተው ከጅረቱ ወዲህ ይቆማሉ፤ ሴቶቹ የመጨረሻውን ሸክም አስረው እስኪወጡ ድረስ ውኃውን የሚሻገር የለም። እትዬ ጌጤ ባላቸውን በወጣትነታቸው ስለ ቀበሩ፣ ለብዙ ዓመታት ከፊተኞቹ መካከል ነበሩ። ከጎናቸው የምታጭደው ሐይማኖት የምትባል ጎረቤታቸው ነበረች።

«ጌጤ፣ ለእኛም አስተርፊልን እንጂ!» ብለው ወንዶቹ ከጅረቱ ማዶ ይጮሃሉ።

«ጅረቱን ፈርታችሁ የቆማችሁ ወንዶች ሣር ምን ያደርግላችኋል?» ይላሉ እሳቸው ቀና ሳይሉ።

ሳቁ ተረተሩን ያዳርሰው ነበር። የታጨደው ሣር ሽታ፣ የጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ሐይማኖት እየዘፈነች ሸክሟን ስታጠብቅ፤ እትዬ ጌጤ ዛሬም ስለዚያ ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። የማሽላ አገዳ በሬዎቻቸውን እስከ ጥር ቢያደርስ ነው። ከጥር እስከ በልግ ዝናብ ያለውን ጊዜ የሚያሻግራቸው የዚያ ቀን ሣር ነበር።

ከዚያ ነጭ ቀለም የተቀቡ የሲሚንቶ የወሰን ምልክቶች ተተከሉ። ከሌላ አካባቢ እየመጡ ግራር ቆርጠው ከሰል የሚያከስሉ ሰዎች ዱሩን እየጨረሱት ስለነበር፣ መከለሉ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም። ዱሩ አገግሟል፤ ጠፍቶ የነበረው አጋዘንም ተመልሷል። ነገር ግን ሕጉ የከሰል አክሳዩን መጥረቢያና የመበለቷን ማጭድ አልለየም። ሁለቱንም ከለከለ። ከርከሮውና ዝንጀሮው እየበዙ ወደ ማሽላው ሲወርዱ፣ ገበሬው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ከመከላከል በቀር መግደል ተከለከለ፤ ለተበላው እህልም ካሣ የሚባል ነገር አልተደነገገም።

በመጀመሪያው ዓመት አጥኚዎች መጥተው ነበር። እትዬ ጌጤ ተጠየቁ፤ ሣር እንደሚያጭዱ በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ሳይቆይ የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ ቤታቸው ድረስ መጥቶ ሸክሙንም ማጭዱንም ወሰደ። ጠባቂው ደረጄ ይባላል፤ የሐይማኖት ልጅ ነው።

ስለዚህ ሳምራዊት የተባለች ተመራማሪ በጥብቅ ሥፍራውና በአጎራባች ገበሬዎች መካከል ስላለው ግጭት ጥናት ለመሥራት ስትመጣ፣ መንደሩ መክሮ ጠበቃት። የመንደሩ ሽማግሌ ጋሼ ተሰማ ዋዜማውን ሰዉን ሰብስበው፣ «እግራችን ዱሩን አልረገጠም በሉ። ያመነ ይቀጣል» አሉ። በማግሥቱ ቀበሌው ግቢ ዋርካ ሥር የቡድን ውይይት ተደረገ። መንገድ እንዲያሳይ የተመደበው ደረጄ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ከተመራማሪዋ አጠገብ ተቀምጧል።

«እትዬ ጌጤ፣ ከጥብቅ ሥፍራው የሚያገኙት ጥቅም አለ? ሣር፣ ማገዶ?» አለች ሳምራዊት።

«እኔ? ከምልክቱ ወዲያ ያለው አገር ስሙንም አላውቀው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ደረጄም ሳቀ። ሳምራዊት ጻፈች።

ከወራት በኋላ የጥናቱ ረቂቅ በሸዋ ሮቢት አንድ ሆቴል አዳራሽ ለአስተያየት ቀረበ። የጥብቅ ሥፍራው ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ የወረዳው ባለሙያዎችና ከግራር በር የተመረጡ ገበሬዎች፣ እትዬ ጌጤና ጋሼ ተሰማም ጭምር፣ ተቀመጡ። በዚያ ዓመት በልጉ ዘግይቶ ስለነበር፣ እትዬ ጌጤ ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ለገበያ አስበውታል። አንድ በሬ ብቻ የቀረው ሰው ምርቱን ሊካፈል መሬቱን ለሌላ አራሽ በእኩል ከመስጠት ሌላ ምርጫ እንደሌለው ያውቃሉ። ሲመጡ ተስፋ ያደረጉት አንድ ነገር ነው፤ ጥናቱ የማጭድን ቀን ይመልሳል ብለው።

ሳምራዊት አነበበች። ስለ ከርከሮው ጉዳት፣ ስለ ካሣ አለመኖር የጻፈችው ትክክል ነበር። ቀጥላ ግን፣ «ነዋሪዎቹ ከጥብቅ ሥፍራው ሣርም ሆነ ማገዶ እንደማይጠቀሙ በአንድ ድምፅ ስለገለጹ፣ የመግቢያ መብት መስጠት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» አለች።

እትዬ ጌጤ ተነሡ። ጋሼ ተሰማ የነጠላቸውን ጫፍ ያዙ።

«ጌጤ፣ ተቀመጪ!»

«ይልቀቁኝ ጋሼ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ እኔው ልክፈተው።» ወደ ሳምራዊት ዞሩ። «ልጄ፣ ዋሽቼሻለሁ። አጭዳለሁ። አምናም ተደብቄ አጭጃለሁ። ያለዚያ ሣር በሬዎቼ በልግ አይደርሱም።»

ከኃላፊው ጋር የመጣው ደረጄ ከኋላ ሆኖ፣ «እትዬ ጌጤ፣ የሚናገሩት ይመዘገባል እኮ» አለ።

«ያኔ የተናገርኩትም ተመዝግቦ ነበር፤ ይኸው ሲነበብ ሰማነው። እናትህ ከጎኔ ስታጭድ ነው ያሳደገችህ። የማጭድ ቀን እንዴት እንደነበር አንተ ንገራቸው።»

ደረጄ ኃላፊውን አየ፤ ከዚያ ወለሉን አየ።

«መጀመሪያ የሚገቡት መበለቶች ነበሩ» አለ ቀስ ብሎ። «መጥረቢያ አይገባም። ከብት አይገባም። ዘሩ ሳይራገፍ የሚያጭድ አልነበረም።»

ኃላፊው፣ «ይህ ጥፋትን ማመን ነው» አሉ።

ሳምራዊት ወረቀቷን አስቀመጠች። «ጥፋቱ ከአጠያየቄ ይጀምራል። የሚከስሳቸውን ሰው አጠገቤ አስቀምጬ እውነቱን ንገሩኝ ብያለሁ። ያ የውይይት ውጤት ይሰረዛል፤ ሰዎቹን ለየብቻ፣ ጠባቂ በሌለበት፣ ስማቸው ሳይጻፍ እንደገና እጠይቃለሁ።»

እንዳለችውም አደረገች። የተሻሻለው ጥናት ነዋሪዎቹ የደረቁን ወራት በዱሩ ሣር እንደሚሻገሩ መሰከረ፤ ዘር ከተራገፈ በኋላ፣ በመንደሩ ቁጥጥር፣ ለተወሰነ ቀን በማጭድ ብቻ አጭዶ መውሰድ እንዲፈቀድና ውጤቱም በዱሩ ላይ እንዲለካ ሐሳብ አቀረበ። ይህ ሐሳብ ነው፤ ፈቃድ አይደለም። ኅዳር መጥቶ አለፈ፤ መልስ አልመጣም። እትዬ ጌጤ አልተከሰሱም። አንዱን በሬ ግን ሸጡት፤ መሬታቸውንም በእኩል ሰጡ።

በዚያው ኅዳር፣ በሚካኤል ማግሥት ጠዋት፣ እትዬ ጌጤ ጅረቱ ዳር ቆመው ታዩ። ማዶ፣ ነጩ ምልክት አጠገብ፣ ደረጄ ቆሟል። ሣሩ ዘሩን አራግፎ ተኝቷል።

«ዛሬ እኮ ነበር፣ እትዬ» አለ ደረጄ።

«ዛሬ ነበር።»

ውኃውን የተሻገረ አልነበረም።

እትዬ ጌጤ ዋሽተዋል፤ ውሸታቸው ጎድቷቸዋል፤ ይህን ስሕተት አይደለም የሚል ካለ ተሳስቷል። ነገር ግን እውነት በተናገሩበት ዓመት የተወሰደባቸውን ማጭድ ማንም አልመለሰላቸውም፤ እውነት ባስቀጣው ሰው ላይ በውሸቱ ብቻ መፍረድ አይቻልም። የሚገባቸው ሁለት ነገር ነበር፤ ሳይፈሩ የሚመልሱት ጥያቄ፣ ከኅዳር ሚካኤል በኋላም ለአንድ ቀን የሚከፈት ዱር። የመጀመሪያውን ዘግይቶም ቢሆን አግኝተዋል። ሁለተኛው እስከ ዛሬ አልተሰጣቸውም።