የእህቴ ጾም

ከጥቂት ወራት ወዲህ መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ። የአማርኛ መምህራችን በየቀኑ አንድ ገጽ፣ ስለፈለግነው ነገር፣ ብቻ እውነት የሆነውን እንድንጽፍ አዘዙን። ጓደኞቼ ሲያማርሩ እኔ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ እሮጥ ነበር። አንድን ነገር አይቶ፣ ቃሉን ፈልጎ፣ ልክ ቦታው ላይ ማስቀመጥ! እንዲህ የሚያስደስት ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር። ግን እውነቱን ጻፉ ስለተባልን፣ የጻፍኩት አብዛኛው ስለ እህቴ ሆነ። እሷ ደግሞ በዚያን ጊዜ እየጠፋች ነበር።

እህቴ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እኔ የአሥረኛ። በአንድ አልጋ እንተኛለን። እናቴ በረንዳችን ላይ ልብስ ትሰፋለች፤ የሰፈራችን የሲቀላ ሴት ግማሹ የእናቴን ቀሚስ ለብሳለች ብል ትንሽ ብቻ ነው የማጋንነው። አባቴ ሳምንቱን ላንቴ በሚባል ገጠር ባለው የሙዝ እርሻው ላይ ይሰነብትና ቅዳሜ ይመጣል።

ነገሩ የጀመረው በአክስቴ ሠርግ ነው። አክስቴ የእናቴ ታናሽ ናት፣ አፏ አያርፍም። እህቴን ሚዜ አደረገቻት። እናቴ ሜትሩን በወገቧ ዙሪያ ስታዞር አክስቴ ከጎን ቆማ፣

«ኧረ አንቺ ልጅ፣ በፎቶው ላይ ሙሽራዋ ማን እንደሆነች እንዲታወቅ ትንሽ ቦታ ተይልኝ!» አለቻት።

ሁላችንም ሳቅን። እህቴም ሳቀች። እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ፣ እውነት ነውና።

በማግሥቱ ስኳርና ዳቦ ተወች። ጠዋት ጠዋት እስከ ላይኛው ከተማ፣ እስከ ሰቻ፣ ዳገቱን በእግሯ ትወጣ ጀመር። ሠርጉ ሲደርስ ቀሚሱ በጣም አማረባት፣ ዘመድ ሁሉ «ምን አድርገሽ ነው? ለእኛም ንገሪን» አለ። እኔም ኮራሁባት። ሠርጉ አለፈ። ሲያልፍ ያበቃል ብዬ ነበር። ሠርጉ ግን ለእሷ አላለፈም። ልትደርስበት ያሰበችው ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ቦታው ትንሽ ራቅ ብሎ ይጠብቃታል።

ከዚያ ጾሙ መጣ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደ ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ለሁሉም አንድ የታወቀ የጾም ወር የለም። ሰው የልቡ ጉዳይ ሲኖረው በራሱ ጊዜ ይይዛል። ለማንም አያወራም፤ ማንም ደግሞ «እስከ መቼ ነው? ስለምን ነው?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ነውር ነው፣ በእሱና በአምላኩ መሃል መግባት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች ለብሔራዊ ፈተናው ሦስት ቀን ጾሙ። ሦስቱ ቀን አለቀ፣ ሌሎቹ በሉ። እህቴ ቀጠለች።

«ምሳ ቀርቧል» ስትባል «ይዣለሁ» ትላለች። በቃ። በዚያች ቃል ፊት በቤታችን ሁሉም ዝም ይላል። እናቴ ለደንበኞቿ፣ «የኔ ልጅ ለጸሎት ተሰጥታለች» ትል ነበር፤ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ነበረ።

እኔ ግን አልጋዋን እጋራለሁ። አርባ ምንጭ፣ በበጋ፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንቋቋ፣ እህቴ ከዶርዜ የመጣውን ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ማበጠሪያዋ ላይ ፀጉር በጭብጥ ይወጣል። ጾሙ በተፈታባቸው ጥቂት ቀናት እንኳ እንጀራዋን እንደ ጥፍር ቆራርጣ ሳህኑ ላይ ታዞረዋለች፤ ሰው ሲያያት ትቆጣለች። ለእኔ ግን ሳህኔን ሞልታ ትሰጠኝና ስበላ ትመለከተኛለች። ቀኑን ሙሉ የምታወራው ስለ ምግብ ነው፤ ስልኳ ላይም የምታየው የምግብ አሠራር ነው። የወር አበባ ጨርቃችንን የምናጥበው አብረን ነበር። ለሦስት ወር እኔ ብቻዬን አጠብኩ።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ። መምህራችን ገጹ መሙላቱን እንጂ የተጻፈውን አያነቡም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። ጠይቄያት ነበርና።

«ይሄ ጾም ነው እንዴ?»

«ምን አገባሽ፣ አንቺ ጦጣ?»

«ዳገቱን ስትወጪ ትንገዳገጃለሽ እኮ።»

ክንዴን ያዘችኝ። ጣቶቿ በረዶ ነበሩ። «ለእማዬ ትንፍሽ ብትዪ እህትሽ አይደለሁም። ስሚ፣ አሁንም ወፍራም ነኝ። አታዪም?»

አየኋት። ቀልድ መስሎኝ ፊቷን ፈለግሁ፤ ቀልድ አልነበረም። ከሁሉም ያስፈራኝ ያ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እህቴ ከመዘምራኑ አንዷ ስለሆነች፣ እናቴ ለእነሱ የሚሰፋውን ቀሚስ ልትለካት ጠራቻት። መርፌዎቹን በከንፈሯ ይዛለች። ሜትሩን አዞረች፤ ቁጥሩን አየች፤ እንደገና አዞረች። መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች።

«ይሄ የሰባተኛ ክፍል ልክሽ ነው» አለች ቀስ ብላ።

እህቴ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ሜትሩ ወገቧ ላይ እንዳለ ከስፌት መኪናው ሥር ወደቀች።

እናቴ ጮኸች። ውሃ ረጨን፣ ነቃች፤ ከንፈሯ ነጭ ነበር። «ምንም አይደለም፣ ጾሙ ትንሽ ከብዶኝ ነው» አለች ወዲያው። እናቴም አመነቻት! ስልክ አንስታ የጸሎት ቡድኑን እናቶች ልትጠራ ስትል እጄን ስልኩ ላይ አደረግሁ። እናቴን በሕይወቴ እንዲያ አድርጌ አላውቅም።

«እማዬ፣ ጾም አይደለም።»

«ዝም በይ! በእግዚአብሔር ነገር አትግቢ።»

«ጾም አይደለም እማዬ። ወር አበባዋ ቀርቷል። ጾም የሌለባት ቀንም አትበላም። ጽፌዋለሁ።»

እህቴ ከወለሉ ላይ ቀና ብላ ያየችኝን አተያይ አልጽፈውም። ደብተሬን አመጣሁ። እናቴ ያደገችው በጋሞኛ ነው፤ አማርኛ ስታነብ ፊደሉን በጣቷ ትከተላለች። ሁለት መስመር ሞከረችና መለሰችልኝ፤ «አንብቢልኝ» አለች። የመጀመሪያ አድማጬ እናቴ ሆነች፣ እኔ ደግሞ እያለቀስኩ አነበብኩላት። ሦስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ነጠላዋን አነሣች። «ባጃጅ ጥሪ።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለንን ወጣት ሁሉም «ዶክተር» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ በየጊዜው «ጤና መኮንን ነኝ» እያለ ያርማል። እህቴን አስተኝቶ የደም ግፊቷን ለካ፤ አስቁሞ እንደገና ለካ። የእጇን ምት ሰዓቱን እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ፣ ከዚያም ስቴቶስኮፑን አድርጎ ደገመው። ፈገግታው ጠፋ። እኛን አስወጥቶ ብቻዋን አናገራት፤ ቆይቶ ጠራን።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ነገርኩት፤ ስኳሩን፣ ሠርጉን፣ ጾሙን፣ ብርዱን፣ በተራቸው።

«እናቴ» አላት እናቴን፣ «ሰው ክብደት ሊቀንስ ቢነሣ፣ ሲበቃው ያቆማል። እሷ ግን ማቆም አቅቷታል፤ ይሄ በሽታ ነው። ግትርነት አይደለም፣ ኃጢአትም አይደለም። መምጣት የነበረባችሁ ከሰው ጋር መብላት ስትሸሽ፣ ወር አበባዋ ሲቀር ነበር። አሁን ግን ራሷን ስታለች፣ የልብ ምቷም በጣም ቀንሷል። ይሄ ነገ የሚባል አይደለም። ዛሬ ሆስፒታል ትተኛለች።»

«ጸሎቱስ?» አለች እናቴ።

«እኔም የምጸልይ ሰው ነኝ። ጸልዩላት። ጾሙን ግን እስክትድን አንሡላት፤ የታመመ ሰው ጾም አይይዝም።»

እህቴ ግድግዳውን እያየች፣ «ወፍራም ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለች። እሱ አልሳቀባትም፣ አልተቆጣትምም። «ይህን የሚነግርሽ ድምፅ አድክሞሻል አይደል?» ብቻ አላት። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው።

ሆስፒታል የልቧን ምት በወረቀት ላይ አነሡ፤ ደም ወሰዱ፣ በማግሥቱም ወሰዱ፣ በሠልስቱም። አክስቴ እያለቀሰች መጣች። በአንድ እጇ ቅቤ የዋኘበት የቡላ ገንፎ፣ በሌላው ክትፎ። «ብይልኝ! ሁሉንም ጨርሺልኝ! እኔ ነኝ በአፌ የገደልኩሽ!» ብላ ማንኪያውን ወደ አፏ ሰደደች። ሲስተሯ ሮጣ መጥታ ያዘቻት።

«ኧረ እማማ፣ ቀስ! ብዙ ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ቀን አይሞላም። ደሟ ውስጥ ያሉት ጨዎች ይዛባሉ፣ ልቧን ሊያቆመው ይችላል። እኛ በመጠን እናበላታለን፣ እየመረመርን እንጨምራለን።»

አክስቴ «እማማ» መባሏን ሌላ ቀን ቢሆን አትተወውም ነበር። ያን ቀን ግን ዕቃዋን መሬት አስቀመጠች። እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ የሆስፒታሉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ በኋላ እንደነገረችን አንድ ቀልድ ብቻውን ሰው አያሳምምም። ግን የሰውን ገላ እያነሡ መቀለድ ከቤታችን ወጥቷል። አሁን ደንበኛ መጥታ «ልጅሽ ወፈረችልሽ፣ እሰይ!» ስትል እንኳ፣ እናቴ «ቀሚሱን በየት በኩል ላጥብበው?» ብላ ወሬውን ትቆርጣለች።

እህቴ ለአሥራ አንድ ቀን አላናገረችኝም። ሆስፒታል ስሄድ ፊቷን ታዞራለች፤ ለእናቴ «ሰላይዋን አስወጪልኝ» ትላለች። እኔ ከበሩ ውጭ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። ወደ ቤት ከተመለሰች በኋላ፣ አሁን፣ በቀን ብዙ ጊዜ በሰዓቱ ትበላለች፤ ብቻዋን አይደለም፣ እናቴ ሥራዋን አቁማ አብራት ትቀመጣለች፣ ስለ ምግቡ ግን አታወራም። አንዳንድ ቀን ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ግማሽ ሙዝ ፊት ለፊቷ አስቀምጣ ታለቅሳለች፣ አባቴም ተነሥቶ ወደ ግቢ ይወጣል። ባለሙያዋ ረጅም መንገድ ነው ብላናለች፤ ድናለች ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም።

በየሐሙሱ ቀጠሮ አላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሐሙሶች እናቴ እየጎተተች ወሰደቻት። በሦስተኛው «አልሄድም» ብላ በሩን ቆለፈች። ባለፈው ሐሙስ ግን እኔ ገና ፊቴን ስታጠብ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ የቀጠሮ ካርዷን በእጇ ይዛ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«ምን ትገተሪያለሽ?» አለችኝ። «ዛሬ አንቺ ነሽ የምትወስጂኝ። ፍጠኚ፣ ወረፋው ይረዝማል።»