ከአራት መቶ አሥራ ሁለት ወደ መቶ

ባለቤቴ በሆስፒታል ካርድ ክፍል ሃያ አንድ ዓመት ሠርታለች። ባልደረቦቿ «ማውጫ» ይሏታል። የካርድ ቁጥር ሲጠሩላት ከወንበሯ ሳትነሳ ረድፉን፣ መደርደሪያውን፣ አንዳንዴም የካርዱን የተቀደደ ጥግ ትነግራቸዋለች። እቤት ግን መነጽሯን የምፈልግላት እኔ ነኝ።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው፤ መስኮት የለውም። አሥራ አራት ረድፍ መደርደሪያ አለው። መብራቱ ሰው ሲገባ በየረድፉ ይበራል፣ ሰው ሲወጣ ይጠፋል። ዘጠነኛው ረድፍ ግን ማንም ሳይገባበት ይበራል። የመብራት ሠራተኛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ምንም ብልሽት አላገኘም።

ባለፈው ዓመት መጀመሪያ አዲስ ኃላፊ ተመደበችላቸውና እያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመቱን ግብ ጽፎ እንዲያመጣ አዘዘች። ባለቤቴ «በትጋትና በታማኝነት ማገልገል» ብላ አቀረበች። ኃላፊዋ ወረቀቱን መለሰችላት።

«እትዬ፣ በዓመቱ መጨረሻ ትጋትዎን በምን ልለካው?»

«ያዩኛላ።»

«ባላይዎትስ? ያን ቀን ተናድጄ ብመጣስ? ወይም ስለምወድዎ ብቻ ከፍ ያለ ነጥብ ብሰጥዎትስ?»

ሽቦ የሚሉት ቀጭኑ ባልደረባዋ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ «እኔን በኪሎ ይመዝኑኝ፤ ቶሎ ያልቃል» አለ። ኃላፊዋም ሳቀች። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ወንበር ስበው ተቀመጡ።

ሦስት ግብ ጻፉ። አንደኛው፣ ከሚጠየቁ መቶ ካርዶች ዘጠናው በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ እንዲወጡ፤ ይህም በመጠየቂያው ወረቀት ላይ ከሚሰፈረው ሰዓት ይታያል። ሁለተኛው፣ በየወሩ በዕጣ ከሚፈተሹ ሁለት መቶ ካርዶች ያለቦታቸው የተገኙት ከአራት እንዳይበልጡ። ሦስተኛው በእሷ ኃላፊነት ካሉት ረድፎች የጠፉት ካርዶች ነበር። መጀመሪያ ቆጠሩ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሆኑ። በዓመቱ መጨረሻ መቶ ወይም ከዚያ በታች ከቀሩ «ተሟልቷል»፤ ከመቶ አንድ እስከ መቶ ሃምሳ ከሆኑ «በከፊል»፤ ከዚያ ካለፉ «አልተሟላም»።

«ተገኘ የሚባለውስ ምን ሲሆን ነው?» አለች ኃላፊዋ።

ባለቤቴ በራሷ እጅ ጻፈችው፤ የመጀመሪያው ካርድ ከነውስጥ ወረቀቱ ቦታው ሲመለስ። ለአንድ ቁጥር ሁለት ካርድ ካለ ወረቀቶቹ ወደ መጀመሪያው ተዛውረው ሁለተኛው ሲሰረዝ። ሁለቱም ፈረሙና አንድ አንድ ቅጂ ያዙ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ሆስፒታሉ ወደ ኮምፒውተር ሊዞር ስለነበር በሚቀጥለው ዓመት ከአሮጌዎቹ ካርዶች ጋር የሚቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሦስቱንም ግብ ያሟላ፤ ሁለት ሰው ቢያሟላ ቅድሚያው ብዙ ዓመት ላገለገለው ነው። ሌሎቹ ፎቅ ላይ ወዳለው የምዝገባ መስኮት ይሄዳሉ። ባለቤቴ መቅረት ፈለገች። ለኃላፊዋ፣ ደረጃ መውጣት ጉልበቴን ያመኛል አለቻት።

እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። የልጃችን ካርድ ቦታ ዘጠነኛው ረድፍ ላይ ነው። ልጃችን በአምስት ዓመቷ ካረፈች ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። በቀብሯ ማግስት ባለቤቴ ካርዷን ከመደርደሪያው አውጥታ እቤት አመጣችውና ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር አስቀመጠችው። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ አንዱ እሱ ነበር። ዝርዝሩ ላይ ቁጥሩን የጻፈችው ራሷ ናት።

ዓመቱን ሙሉ ፈለገች። ከመደርደሪያ ጀርባ፣ ከሐኪሞች መሳቢያ፣ አንዱንማ ከሚወዛወዝ ጠረጴዛ እግር ሥር አገኘችው። በየሦስት ወሩ ከኃላፊዋ ጋር ተቀምጠው ያዩ ነበር፤ ሦስት መቶ አምስት፣ ሁለት መቶ አሥር፣ መቶ አርባ። ማታ ቁጥሩን ትነግረኛለች፤ ወደ ቁም ሣጥኑ ግን ሁለታችንም አናይም።

ግምገማው አንድ ቀን ሲቀረው መቶ አንድ ላይ ቆመች። ሁለቱ ግቦች ተሟልተዋል። የሚጎድለው አንድ ካርድ ነው።

በግምገማው ዕለት ጠዋት አንሶላዎቹን አንስታ ካርዱን ስታወጣ አየኋት። በንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ቆርጠሻል?» አልኳት።

«እዚያ ብትሆንም አብሬያት ነኝ» አለች።

የሆነውን ማታ ነገረችኝ። ዘጠነኛው ረድፍ እንደ ልማዱ በርቶ ጠበቃት። ጣቷን በካርዶቹ ጀርባ እያሄደች ቁጥሩ ጋ ስትደርስ ክፍተቱ የለም። ካርድ ገብቶበታል። ቁጥሩ የልጃችን ቁጥር፣ ስሙ የልጃችን ስም ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት እዚያ አለ። ካርድ ሲጠፋ የመስኮት ሠራተኛ በዚያው ቁጥር ሁለተኛ ካርድ ይከፍታል። የሌላ ልጅ ገጽ በስህተት ገብቶበትም ይሆናል። ውስጡ አንድ ወረቀት ብቻ ነበረው። ቀኑ ልጃችን ካረፈች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ዕድሜ ሰባት። ክብደት ሃያ ሁለት ኪሎ። ከሥሩ «ደህና ናት» ይላል። የፈረመውን ሐኪም ፊርማ አታውቀውም፤ እሷ ደግሞ የማታውቀው ፊርማ የለም።

ማን እንደመለሰው ጠየቀች። ሽቦ፣ «እኔ ዘጠነኛ ረድፍ ብቻዬን እንደማልገባ ታውቂ የለ፣ ማውጫዬ» አለ። ሌሎቹም አልነኩትም።

ሥራው የአሥር ደቂቃ ነበር። ወረቀቷን ወደ መጀመሪያው ካርድ ማዛወር፣ ሁለተኛውን በቀይ ሰርዞ መጣል፣ የእኛን ቦታው ማስገባት። መቶ ይሆናል። ቀይ እስክሪብቶውን አንስታ ብዙ ቆማ እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ሁለተኛውን ካርድ እንዳለ ትታው፣ የእኛን ፎጣው ውስጥ መልሳ ጠቀለለችው።

ግምገማው ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ኃላፊዋ በዝርዝሩ ላይ በብዕሯ እየተከተለች ቆጠረች።

«መቶ አንድ። ግን እትዬ፣ እዚህ ቁጥር ላይ ካርድ አለ። ትናንት ለማረጋገጥ ስዞር በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሁለተኛ ካርድ ነው። የመጀመሪያው ቦታው አልተመለሰም።»

«አንዲት ካርድ ናት እኮ። ስንት ዓመት ያገለገሉ ሰው...»

«ስለሚወዱኝ ከፍ ያለ ነጥብ እንዳይሰጡኝ አይደል የተጻፈው?»

ኃላፊዋ ሰዓቷን አየች። «ወርደው ያስተካክሉትና እስከ አሥር ሰዓት እጠብቅዎታለሁ።»

«የማስተካክለው የለኝም።»

«በከፊል» ተብሎ ተጻፈ። ሁለቱም ፈረሙ። ክርክር አልነበረም፤ ቁጥሩ እንዳለ ነበር። ከሳምንት በኋላ የክፍሉን ቁልፍ ለሽቦ አስረክባ ፎቅ ወጣች። ከእሱ ረድፎች የጠፋው ከመጀመሪያውም ሃያ ካርድ ብቻ ነበር፤ ግቡን በልክ አሟልቷል። ቁልፉን ሲቀበል ግን አልቀለደም።

በግምገማው ዕለት ማታ ካርዱን ከአንሶላዎቹ ሥር መለሰች። እኔ አልጋ ላይ ነበርኩ። የቁም ሣጥኑን በር ሳትዘጋ ቆመች።

«ሃያ ሁለት ኪሎ የሆነች ልጅ» አለች፣ «ስንት ቁጥር ጫማ ታደርጋለች?»

አሰብኩበት።

«ሠላሳ» አልኳት።

«እኔም ሠላሳ ነው ያልኩት» አለችና መብራቱን አጠፋች።