ሲስተሙ

ከጠባቧ መተላለፊያ ማዶ፣ ከመስኮቴ ትይዩ የሚኖረውን ጎልማሳ ስሙን አላውቅም። ቤቱ ሆኖ ለአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት ይሠራል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ በሩ ሥር ያለው ጫማው ግን አቧራ ለብሷል።

ባልደረቦቹ ሥራ ከመጀመራቸው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ ይጎለታል። ሌሊት የገቡትን ትዕዛዞች አንድ በአንድ ያያል፤ አድራሻ የጎደለበት ካለ ደንበኛው ጋ ይደውላል። «ይቅርታ፣ የቤት ቁጥርዎን ረስተውታል» ሲል በየማለዳው እሰማዋለሁ።

ከዚያ በኮምፒውተር በሚያደርጉት የጠዋት ስብሰባ ላይ አለቅየው፣ «ዛሬም ሁሉም ሰላም ነው፤ ስህተት ቢኖር ሲስተሙ ራሱ ያርመዋል» ይላል።

እሱም ማይክሮፎኑን ዘግቶ፣ «ሲስተሙ እኔ ነኝ» ይላል።

«ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነው እማማ። እነሱ አይሰሙኝም እንጂ።»

ዛሬ ማለዳ ግን ለማንም አልደወለም። መዳፎቹን ከጭኖቹ ሥር ከቶ፣ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ጠበቀ።

ስብሰባው ተረበሸ። ሾፌሮቹ የደንበኞቹ ቤት ጠፍቶባቸው ዕቃ እንደጫኑ መንገድ ላይ ቆመዋል።

«ይሄን እስከዛሬ ማን ነበር የሚያስተካክለው?» አለ አለቅየው።

ጎልማሳው አንድ እጁን አውጥቶ ማይክሮፎኑን ከፈተ። ወደ መስኮቴ ጠጋ አልኩ።

«እኔም አላውቅም» አለ፣ በዚያው ለደንበኞች በሚናገርበት ትሑት ድምፅ።