ካየሽበት ነው እንጂ ከታጠብሽበት አይደለም

ምላሴ ከልቤ ይቀድማል። አብረውኝ የሠሩ ሁሉ ያውቁታል፣ ባሌም ያውቀዋል። ለወሊድ መከላከያ የሚመጡት ሴቶች እንኳ «ዛሬ ያለችው ያቺ ቁጡዋ ሲስተር ናት?» ብለው ከበር ላይ ጠይቀው ነው የሚገቡት። ተናግሬ የተጸጸትኩበት ነገር ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ በአንድ ቃል የሰው ትዳር ልበትን ነበርና።

ያኔ ከቆቦ ወጣ ብላ ባለች ጤና ጣቢያ ነበር የምሠራው። ወሩ ግንቦት ነው። ረፋዱ ላይ የክፍሌ ቆርቆሮ በሙቀት መንጣጣት ጀምሮ፣ እኔም በካርድ ራሴን እያራገብኩ ሳለ ሁለት ሴቶች ገቡ። ከፊት አማት፣ ከኋላ ምራት። ምራቲቱ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ሻርፗን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች። በመስኮቱ በኩል የመጡበት ባጃጅ ይታየኛል፤ ከኋላ ወንበሩ ላይ በነጠላ የታሰረ ትልቅ ጓዝ አለ።

አማቲቱ አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ሲስተር፣ ቁጠሪልኝ» አሉ።

ወረቀቱ የአልትራሳውንድ ውጤት ነው። ጽንሱ አሥር ሳምንት ሆኖታል ይላል።

«ልጄ የከባድ መኪና ሹፌር ነው» አሉ። «ሰባት ወር ሙሉ ቤቱን አላየም ነበር። ከኢድ በኋላ መቀሌ ጭነት ይዞ ሲያልፍ እኛው ሰፈር ሮቢት ላይ ሚስማር ጎማውን በሳበት፤ እስኪለጠፍ አንድ ሌሊት ከቤቱ አደረ። በነጋታው ሄደ፣ ከዚያ ወዲህም አልመጣም። ይኸው ስምንት ሳምንት ከአንድ ቀኑ። ወረቀቱ ግን አሥር ይላል። ሁለቱን ሳምንት ከየት አመጣችው?»

ልጅቷ ቀና አላለችም።

«እሱስ ምን አለ?» አልኩ።

«ሲስተሯ የምትለውን ስሚ፣ ካልገጠመ ከዚያው ወደ ዋጃ መልሻት አለኝ። ልብሷን ይዘን መጥተናል።» የልጅቷ ወላጆች ዋጃ ናቸው። ጓዙ ለካ የእሷ ኖሯል።

እኔ ደግሞ በልቤ ሳቄ መጣ። ይቺ እንኳ ቀላል ናት! ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ መልሼዋለሁ። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና አስረዳሁ፦ «እናቴ፣ ጽንሱ የተያዘበትን ቀን ማንም አያየውም። ሴቷ የምታየው ወር አበባዋን ነው። ስለዚህ እኛ የምንቆጥረው የመጨረሻ ወር አበባዋን ካየችበት የመጀመሪያ ቀን ተነሥተን ነው። ስለዚህ በሁሉም ሴት ላይ ከፊት ሁለት ሳምንት ያህል ትርፍ ይገባል።»

«ሳታረግዝ ያረገዘችበት ሁለት ሳምንት?»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ሱብሃነላህ» አሉ፣ ግን አላመኑኝም። እኔም ላሳምናቸው ብዬ ወደ ልጅቷ ዞርኩ። «የመጨረሻ ወር አበባሽ መቼ ነበር?»

«የኢድ ለት» አለች በቀጭን ድምፅ።

ካሌንደሩን አወረድኩ። ከኢድ እስከ ዛሬ ዘጠኝ ሳምንት ከአንድ ቀን። ወረቀቱ አሥር ነው የሚለው። እንደገና ቆጠርኩ፣ ያው ዘጠኝ። ባልየው የመጣበትን ስቆጥር ደግሞ ከኢድ ስምንተኛው ቀን ላይ ዋለ። ይኼኔ ያ ምላሴ፦

«እንግዲህ በስምንተኛ ቀኗ ከሆነ… ያን ቀን የማርገዝ ዕድሏ ትንሽ ነው።»

ወይ ጉዴ! ቃሉ ካፌ እንደወጣ አማቲቱ ብድግ አሉ። «ሰማሽ? ሰማሽ አንቺ?» ልጅቷ በግድግዳው ተንሸራትታ መሬት ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ባዶ ዓይን ብቻ ሆነች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ለአፍታ ጠረጠርኳት። ይህን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይቃጠላል።

አማቲቱ ወደ በሩ እየሄዱ መዓታቸውን አወረዱት። «እንደ ልጄ ነው የያዝኳት! ለኢድ ንጹሕ ሆና ትዋል ብዬ በሌሊት ተነሥቼ የመታጠቢያ ውኃዋን ያሞቅሁላት እኔ! እኔ በገዛ እጄ!»

«የምን መታጠቢያ?» አልኩ።

«የትጥበቷን ነዋ! ከሃይዷ ጠርታ ልትሰግድ፣ የኢድ ለት ጠዋት።»

ያኔ ስህተቴ ገባኝ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ከእስላም ጎረቤት ጋር አድጌ፣ ኢዳቸውን በልቼ፣ ይህን አንድ ነገር ልብ ብዬ አላውቅም። ለእነሱ ወር አበባ የሚባለው ነገር ቀኑ የሚታወሰው በትጥበቱ ነው። ሶላቱም፣ ጾሙም፣ ባሏም የሚመለሱላት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። እኔ ካየችበት ስጠይቃት እሷ ከታጠበችበት ነው የመለሰችልኝ።

መሬት ላይ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። «የኔ እመቤት፣ ይቅር በይኝ፣ አጠያየቄ ነው የተበላሸው። ከመታጠብሽ በፊት ስንት ቀን ፈሰሰሽ? መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። እኔን ሳይሆን አማቷን አየቻቸው።

«እማ ያውቃሉ» አለች። «በረመዳን መጨረሻ ጾሜን ስፈታ፣ ወንዶቹ እንዳያዩኝ ብለው ምሳዬን ጓዳ ያስቀመጡልኝ እርስዎ ነዎት። ስድስት ቀን። ከኢድ ማግስት ጀምሮም ቀዳዬን አብረውኝ ጾሙ።»

አማቲቱ በሩን እንደያዙ ቀሩ።

በረመዳን ወር አበባ የመጣባት ሴት ያልጾመችውን ቀን ኋላ ቆጥራ ትጾማለች፤ ቀዳ የሚሉት እሱን ነው። አንድ ቀን እንኳ አይሳሳቱም፣ ጉዳዩ ከፈጣሪ ጋር ነዋ። እኔ ሴቶቹ ቀን እንዲመዘግቡ ስንት ዓመት ስለፈልፍ፣ ለካ እነሱ ዘንድ ከእኔ ካሌንደር የጠበቀ ቆጠራ ነበረ።

አማቲቱ ተመልሰው ተቀመጡ። ከአንገታቸው ስር ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ አወጡና ፍሬዎቹን በአውራ ጣታቸው ይገፉ ጀመር። «ምሳዋን ያስቀመጥኩበት፤ አንድ… ሁለት…» ስድስት አሉ። «ኢድ» አሉና አንድ ገፉ። «ቀዳዋን የጾምንበት፤ አንድ… ሁለት… ሰኞ ለት በቴምር አፈጠርን…» ስድስት። ይሄ አሥራ ሦስት ሆነ። «በነጋታው…» ብለው አሥራ አራተኛዋን ፍሬ በጣታቸው ያዟት።

በነጋታው ጎማው የተበሳበት ቀን ነበር።

እኔ ወረቀቱን አየሁት። ከዚያ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ ዛሬ ልክ አሥር ሳምንት። «ወር አበባሽ በየስንት ቀኑ ነው የሚመጣው?» ስላት «ጁመዓ ካየሁ በአራተኛው ጁመዓ ነው፣ አይዘልም» አለችኝ።

የካርድ ጀርባ ላይ ሃያ ስምንት ክብ ሣልኩላቸው። «ይኸውልዎት እናቴ። እንደ እሷ ላለች ሴት እንቁላሏ የምትወጣው እዚህ መሐል አካባቢ ነው። ከወጣች የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ናት። የወንዱ ዘር ግን ውስጥ ገብቶ እስከ አምስት ቀን ይጠብቃታል። ስለዚህ በወሩ ውስጥ በሩ የሚከፈተው በእነዚህ ስድስት ቀኖች ነው፦ አምስቱ ከፊቷ፣ አንዱ እሷው የምትወጣበት።» ስድስቱን አጠቆርኳቸው። «ልጅዎ የኢድ ለት መጥቶ ቢሆን ዕድሏ ጥቂት ነበር። ከመጣበት ሳምንት ዘግይቶ ቢሆን ደግሞ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ሰውነት አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ስለዚህ ዜሮ ነው አልልም። እሱ ግን የመጣው እዚህ ላይ ነው።»

«ከደጉ ቀን ላይ።»

«ከሁሉም ከደጉ ቀን ላይ።»

«ታዲያ በዚያ ቀን የተገናኘ ሁሉ ያረግዛል?»

እኔና ባሌ አራት ዓመት ሙሉ እነዚያን ስድስት ክቦች ስናጠቁር ኖረናል። እንደ እኔ ቀን የቆጠረ የለም፤ ግን አልያዘልኝም። «አያረግዝም» አልኳቸው። «በደጉ ቀን እንኳ ከሚይዝላት የማይዝላት ትበዛለች። ወሩን ሙሉ ሲጠብቁ ኖረው ባዶ የሚቀሩ አሉ። የሷ በአንድ ሌሊት ሆነ። ለምን እንደሆነ ትምህርቴ እስከዚህ ድረስ ነው፣ ከዚህ ወዲያ አላውቅም።»

እውነቴን ነው፣ ይህን ስናገር ቅናት ይሰማኛል ብዬ ነበር። አልተሰማኝም። ፍርሃት የመሰለ ነገር ነው የወረደብኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ጫማዬን ሳወልቅ የሚሰማኝ ዓይነት። አንዲት እንቁላል ለአንድ ቀን፣ አንድ ሰው ለአንድ ሌሊት፣ አስፋልቱ ላይ የወደቀች አንዲት ሚስማር! ማን ቀጠራቸው?

አንድ ነገር ግን መሸፈን አልፈለግሁም። «እናቴ፣ ይህ ወረቀት የማን ልጅ እንደሆነ አይናገርም። ቀኑ ገጥሟል ነው የሚለው። የቀረውን…»

«የቀረውን እኔ አውቃለሁ» አሉ። «ቤቴ ውስጥ ነው የምትውል የምታድረው። እኔው ምስክር ሆኜ እኔው ልፈርድባት? ያ አላህ!» እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። ልጃቸው አነሣ፤ የመኪናው ጩኸት እስከ እኔ ይሰማል።

«ስማ» አሉት። «ገጥሟል። ያንተው ነው። እኔም አንተም ጅሎች ነን፣ አንተ ካደርክበት ሌሊት ነው የቆጠርን፤ ለካ የሚቆጠረው ካየችበት ነው። ያቺን ሚስማር ምን አደረግሃት?»

ምን እንዳለ አልሰማሁም። «ጣልካት? አይ ያንተ ነገር!» ብለው ዘጉት።

ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረው እጃቸውን ዘረጉላት። ወዲያው አልያዘችውም። ራሷ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ እኔም ደግ አደረግሽ አልኩ በሆዴ። የክትትል ካርድ አውጥቼ ሞላሁላት፣ የደም ማነስ መከላከያዋን ሰጠኋት፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ነገርኳት። ካርዷ ላይ «የመጨረሻ ወር አበባ» በሚለው ቦታ ላይ ኢድን ሳይሆን ትክክለኛውን ቀን ጻፍኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንንም ስጠይቅ «ካየሽበት ነው እንጂ ከታጠብሽበት አይደለም» ሳልል አላልፍም።

እስከ ባጃጁ ሸኘኋቸው። ልጅቷ ጓዟን ገፋ አድርጋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ባለባጃጁ ሞተሩን አስነሥቶ «ዋጃ ነው አይደል እናቴ?» አለ፤ ጠዋት የነገሩት እሱን ነዋ።

አማቲቱ አንድ እግራቸውን ባጃጁ ላይ እንዳደረጉ ቆሙ። «እኔን አትጠይቀኝ» አሉት። «እሷን ጠይቃት።»

ልጅቷ መንገዱን ወደ ዋጃ በኩል አየችው፣ ረዘም አድርጋ። ከዚያ ጓዙን አንሥታ እግሯ ሥር አወረደችና፣ ለአማቷ ከጎኗ ቦታ ለቀቀች።

«ሮቢት» አለች።