ለሚስቴ የተገጠመው ግጥም

ሰው በማያውቀው ነገር ቢሳሳት አይገርምም፤ እኔ የተጃጃልኩት ግን ሌላውን በማስተምረው ነው። ንፋስ መውጫ የታሪክ መምህር ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ለባለቤቴ የኮሌጅ ጓደኛዋ በቴሌግራም ሊንክ ላከችላት፤ «ያ ግጥም ትዝ ይልሻል?» ብላ። ባለቤቴ ስትነካው ገጹ የለም አላት። የድሮ ተማሪዎች ድረ ገጽ ነበር፣ ተዘግቷል።

«የምን ግጥም ነው?» አልኳት።

«አንድ ልጅ ለኔ የገጠመው። በቃ ጠፋ ማለት ነው» አለችና ለብቻዋ ፈገግ አለች።

ያቺ ፈገግታ አልተስማማችኝም። እኔ ገጥሜላት አላውቅም። አንዴ ሰው ፊት ቀልጄባት ሳምንት አኩርፋኛለች፤ የኔ ሥነ ጽሑፍ እሱው ነው።

ሊንኩን ደብቄ ከስልኳ ወደ ስልኬ ላክሁና ኢንተርኔት ቤት ሄድኩ።

«ገጹ ሞቷል መምህር» አለኝ የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት። «ግን ኢንተርኔት ላይ እየዞረ የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ቦታ አለ። ቀድቶት ከሆነ እናገኘዋለን፤ ካልቀዳው አለቀ።»

አድራሻውን እዚያ ለጠፈው። ከላይ ዓመታት ተደረደሩ፣ ከሥር ካላንደር መጣ፤ አንዲት ቀን ብቻ ተከባለች። እሷን ሲነካ ገጹ እየተጎተተ ተከፈተ። ፎቶዎቹ አልመጡም፣ ባዶ ሳጥን ብቻ። ግጥሙ ግን ሙሉ ነው፤ የባለቤቴ ስም ከነአባቷ። ቤቱም ይመታል። ምናለ እንኳ ቢያነክስ!

«ከላይ ያለው የተቀዳበት ቀን ነው» አለኝ። «የተጻፈው ከዚያ በፊት ነው።»

እኔ ያየሁት ዓመቱን ነው፤ 2010። የተጋባነው በ2005 ነው። በ2010 ክረምት ደግሞ እሷ ለስልጠና ባሕር ዳር ከርማለች።

«አትምልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ለታሪክ።»

ማታ ራት አልበላም አልኩ። ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጥኩና «ስልጠናው ይሄ ነበር? እውነቱን ንገሪኝ፣ ነገ እስቴ ያለው እናቴ ቤት እሄዳለሁ» አልኳት። በደንቡ ተቀይማ እናቷ ቤት የምትሄደው ሚስት ናት፤ እኔ ቀደምኳት።

እሷ ግጥሙን አነበበች። ቀስ ብላ፣ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ እንደገና። ዓመቱን በጣቴ አሳየኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ይሄ እኮ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ያኔ ኮሌጅ ነበርኩ፣ አንተን የት አውቅሃለሁ? ሰባት ስምንት ቀንስ እንጂ፣ መምህር።»

በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የማስቀንሰው እኔ ነኝ። መሬት አልተከፈተችልኝም። ትዳሬ ተረፈ፤ ልጁ ግን አሁንም ጥሩ ገጣሚ ነው። ልቀደው ወረቀቱን ሳብ አደረግኩ።

እጄን ያዘችኝ። «ተወው። ጠፋ ብዬ ሳዝን ፈልገህ ያመጣህልኝ አንተው ነህ፤ በል አሁን ራትህን ብላ።»